የማሚ ባዮፕሲ

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች የሚጽፉትን አማርኛ እወደዋለሁ። ግማሹ እንግሊዝኛ ቢሆንም ናፍቆቱ ሙሉ ነው። ጣጣው የሚመጣው እንግሊዝኛ ለማታውቅ አክስት ሲነበብ ነው።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለአክስቷ ለእቴቴ እንዲህ ብላ ላከች፦ «እቴቴ፣ የማሚ ባዮፕሲ ኔጌቲቭ ሆኗል። ኢንሹራንሱ ግን ሁለተኛውን ምርመራ ገና አፕሩቭ አላደረገም። ሜይ 12 ዶክተር ጋ አፖይንትመንት አላት፤ በ3 ፊኒሽ ስለምታደርግ ያኔ ኮል አድርጉላት። ሺ ኢዝ ፋይን።»

አንድ የጎረቤት ልጅ ቃል በቃል ተረጎመላት፦ «ውጤቱ አሉታዊ ሆነ።» እኔ ስደርስ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ እቴቴ ለእህቷ ታለቅሳለች። «ደህና ናት» የምትለውን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የሰማት የለም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ላኪዋ ጋ መደወል ነው። በምርመራ ቋንቋ ኔጌቲቭ ማለት የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው፤ የተፈለገው ምን እንደነበር ግን መልእክቱ አይናገርም። የተፈለገው ካንሰር እንደነበር ነገረችኝ፤ አልተገኘም። ይህን ለሴቶቹ ነግሬ፣ እልልታው ሲበርድ መልእክቱን እንደገና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እንዲህ ባለ ጽሑፍ እንግሊዝኛው የሚገባው «አደረገ»ን ተደግፎ ነው። ስለዚህ የሚነሣው ከነድጋፉ ነው፦ «አፕሩቭ አላደረገም» የሚለው «ማጽደቅ አላደረገም» ሳይሆን «አልፈቀደም» ይሆናል። «ኢንሹራንስ»ን አልነካሁትም፤ እቴቴ ራሷ የምትለው እንዲያ ነው፣ «መድን» ብላት ይርቃታል። «ሺ» አንቱታን አይለይም። ልጅቷ እናቷን «ማሚ» እያለች አንቺ ስለምትላት «ናት» አልኩ፤ ስለ አያቷ ብትጽፍ ኖሮ «ናቸው» እል ነበር።

ሰው ሳይነካው የሚያልፈው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥርም ግን እንግሊዝኛ ይናገራል። ሜይ 12 የኛ ግንቦት 4 ነው። «በ3» የተባለው የሜሪላንድ ከቀትር በኋላ ነው፤ በኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በግንቦት ሜሪላንድ ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። እንዳለ ቢነበብላት ኖሮ እቴቴ የምትደውለው ጠዋት 3 ሰዓት፣ እህቷ በውድቅት ሌሊት ተኝታ ሳለች ነበር።

የጻፍኩት ይኸው ነው፦ «እቴቴ፣ ከማሚ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ካንሰር አልተገኘበትም። ሁለተኛውን ምርመራ ግን ኢንሹራንሱ ገና አልፈቀደም። ግንቦት 4 ዶክተር ጋ ቀጠሮ አላት። በእናንተ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስለምትጨርስ ያኔ ደውሉላት። ደህና ናት።»

አንብቤላት ስጨርስ «ገባሽ?» አላልኳትም፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «መቼ ትደውያለሽ? ምን ብለሽስ ትጠይቂያታለሽ?» አልኳት። «ግንቦት 4 ማታ፣ ራት ከበላን በኋላ» አለች፤ «ኢንሹራንሱ ፈቀደላት ወይ ብዬ።» የትርጉም ፈተናው ይህ ነው፦ ሰሚው የሚያደርገውን በራሱ አፍ መናገር ከቻለ መልእክቱ ደርሷል።