አረንጓዴ ዶላር፣ ቢጫ ካርድ

የአገር ፍቅር ታሪፍ ወጥቶለት ያውቃል። ሰኔ 29 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ በቀን አንድ ዶላር ለአገሩ እንዲሰጥ ጠየቁ። ስሌቱ ልብ ያሞቃል። አንድ ሚሊዮን ሰው በቀን አንዳንድ ዶላር ቢያወጣ በዓመት 365 ሚሊዮን ይሆናል። ዋጋውም የሚያስቀይም አይደለም፤ በዋሽንግተን ማኪያቶ እንኳ ከአገር ፍቅር ይወደዳል።

በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ወደ ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒያፖሊስ ሄዱ። መፈክሩ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» የሚል ነበር። አዳራሽ ሞላ፣ ባንዲራ ተውለበለበ፣ እንባ ፈሰሰ፣ ትረስት ፈንዱም ተቋቋመ። ገንዘቡ ሲቆጠር ግን ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ለአንዳንድ የጤናና የውኃ ፕሮጀክት በጅቷል፤ የ365ቱ ሚሊዮን ጥላ ግን አልነበረም። ያ ሁሉ አልቃሽ ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ዶላሩ ቀድሞ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ለእናት ተልኳል።

የተላከበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ የአገር ፍቅር ትምህርት ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ሰው ለእናቱ 300 ዶላር ይልካል እንበል። በባንክ ቢልከው አንዱ ዶላር በ57 ብር ገደማ ስለሚመነዘር እናቱ 17,100 ብር ይደርሳቸዋል። በጥቁር ገበያ ቢልከው፣ በ115 ብር አካባቢ ተመንዝሮ 34,500 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 17,400 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ለብሔራዊ ባንክ ብሎ ከእናቱ መሶብ የሚቀንስ ልጅ ሐውልት ይገባዋል፤ እስካሁን ግን የሐውልት ቦታ የጠየቀ የለም።

አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያውቀውም። ልጁ ዶላሩን እዚያው አሜሪካ ላለ አንድ «የሚልክ ሰው» አካውንት ያስገባል። የሚልከው ሰው አዲስ አበባ ላለ አጋሩ ስልክ ይደውላል፤ አጋሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብሩን እናትየው ንግድ ባንክ ያላቸው ሒሳብ ውስጥ ይጨምራል። ዶላሩ ግን ኢትዮጵያን አያያትም። ባንክ ቤት ኤልሲ ለማስከፈት ወራት ተሰልፎ ተራ ያልደረሰው የመርካቶ አስመጪ ይገዛውና ከአሜሪካ በቀጥታ ዱባይ ወይም ጓንግዡ ላለ አቅራቢው ይከፍልበታል። በምላሹ ወደ አገር የሚገባው ጎማ፣ የስልክ ቀፎና የሕፃን ዳይፐር ነው። መንግሥት «የውጭ ምንዛሪ አጣሁ» ሲል እውነቱን ነው። ምንዛሪው አልጠፋም፤ መንግሥት በሌለበት ጥሩ ኑሮ ይኖራል።

የዚህ ገበያ ትልቁ ስኬት ግን ፖለቲካዊ ነው። ብሔራዊ ዕርቅ ያመጣው እሱ ብቻ ነው። እሑድ በኤምባሲው አዳራሽ ለመንግሥት ያጨበጨበው ደጋፊና ከአጥሩ ውጭ መፈክር ይዞ የቆመው ተቃዋሚ፣ ሰኞ ማለዳ ለዚያው ለአንዱ ሰው ይደውላሉ። አንደኛው የምንዛሪ ተመኑን «ሌብነት» ይለዋል፣ ሁለተኛው «አሻጥር»፤ ከዚያ ሁለቱም «ዛሬ ስንት ገባ?» ይላሉ። መንግሥትም በስተመጨረሻ ወደዚህ ዕርቅ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተፈቀደና አንድ ዶላር በዚያው ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም 100ን አለፈ። ለዓመታት «ሕገ ወጥ» እየተባለ ሲታደን የኖረው ዋጋ በክብር ወደ ባንክ መስኮት ገባ። ስለ ታደኑት ሰዎች ማንም ይቅርታ አልጠየቀም።

ዶላር ባለመላክም ፖለቲካ ተሠርቷል። የኢሕአዴግ መንግሥት በሕዝባዊ ተቃውሞ በተናወጠበት፣ 2010 በገባበት ሰሞን፣ ከውጭ ሆነው ትግሉን የሚመሩ ሰዎች «ዶላር አትላኩ፤ ሥርዓቱ በረሃብ ይወድቃል» ብለው አወጁ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ መንግሥት ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛበትን ምንዛሪ መንካት ሕመሙን መንካት ነው። ችግሩ ሥርዓቱና እናትየው አንድ ቧንቧ መጋራታቸው ነው። ቧንቧው ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠማው ሚኒስትሩ አይደለም። ሚኒስትሩ ሌላ ቧንቧ አለው። ያወጁትም ብልሃት አላጡም። በስብሰባ ማዕቀብ ያውጃሉ፣ ቤት ገብተው ለእናታቸው «ለሌላው ሰው አትንገሪ እንጂ…» እያሉ ይልካሉ። ሥርዓቱ በኋላ በሌላ ምክንያት ተለወጠ። ማዕቀቡም በዚያው ሰሞን፣ ዓመት ሳይሞላው፣ በቀን አንድ ዶላር ስጡ ወደሚል ጥሪ ተገለበጠ። ያው ኪስ ነው፤ ጣቱ ብቻ ተቀየረ።

ሰጪው በምላሹ ምን ያገኛል? ቢጫ ካርድ ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ዜግነቱን የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ካርዱን ሲያወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርም ክልክል ነው። በሌላ አነጋገር ቤቱን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ስለ ቤቱ መምከር አይፈቀድለትም። ሕጉ ምክንያት የለውም ማለት ግን ልክ አይሆንም። በሌላ አገር ፓስፖርት የሚኖር ሰው በዚህኛው ምርጫ ድምፅ ይስጥ ወይ የሚለው ጥያቄ የትም ቀላል አይደለም። የሚያስቀው፣ ድምፁን የሚከለክለው እጅና ዶላሩን የሚለምነው እጅ የአንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ባለሀብትነቱም ቢሆን እስከ ኅዳር 2009 ነበር። ያኔ ብሔራዊ ባንክ፣ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ባንክና ኢንሹራንስ አክሲዮን ሊኖረው አይችልም የሚለው ሕግ ትዝ አለው። ቢጫ ካርድ የያዙ ባለአክሲዮኖች ድርሻቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። የተመለሰላቸው በአክሲዮኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመነሻ ዋጋ ነበር። አክሲዮኑ በጨረታ ሲሸጥ የሚገኘው ትርፍ ለመንግሥት ገቢ ሆነ። በግል ባንኮቹ ልደት ጊዜ ገንዘባቸውን አምጥተው የዘሩ ሰዎች ዘሩ ተመለሰላቸው፤ አዝመራው ቀረ። ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ እንዳለፈ፣ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1159 ወጣና እነዚያው ሰዎች ባንክ ውስጥ አክሲዮን ቢገዙ ምንም ነውር እንደሌለው ተገለጸ። አንድ መጠነኛ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረችው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ይሁን።

የዚህ ሁሉ አክሊል የቦንዱ ታሪክ ነው። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ልዑካን ቦንድ ይዘው ወደ አሜሪካ ከተሞች ዘለቁ። በአንዳንዱ ከተማ ተቃዋሚዎች አዳራሹን አወኩት፤ በሌላው ደጋፊዎች ተሻምተው ገዙ። ከ3,100 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል አዋጡ። ገዢዎቹ ሚሊየነሮች አልነበሩም፤ ገንዘቡ ለሰው ሲካፈል በአማካይ 2 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። አባይን ለመገደብ የፓርኪንግ ፈረቃ፣ የነርስ አዳር፣ የጋዝ ማደያ ትርፍ ሰዓት ተሰጠ።

አንድ ነገር ግን ተረሳ። በአሜሪካ ቦንድ ለሕዝብ የሚሸጥ የውጭ ድርጅት ለገዢው ስለ ራሱ ሒሳብና ስለ አደጋው በዝርዝር ገልጦ፣ በአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን ዘንድ መመዝገብ አለበት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አልተመዘገበም። እናት አገር ለልጇ ብድር ስትጠይቅ ሒሳብ ታሳያለች ወይ? ኮሚሽኑ ግን ይህን የእናትና የልጅ ምሥጢር አልተረዳውም። በሰኔ 2008 ድርጅቱ ከነወለዱ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡ ለገዢዎቹ የሚመለስ ነበር። እንግዲህ ዲያስፖራው ለአገሩ ካወጣው ገንዘብ ሁሉ ከነወለዱ እንዲመለስለት የተፈረደለት ይህ ነው፤ የፈረደለትም ባዕድ መንግሥት ነው። ስለ ቦንዱ ብዙ የተናገሩት መገናኛ ብዙኃን ስለ ፍርዱ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ግድቡ ግን ተሠራ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አብዛኛው ወጪ የተሸፈነው አገር ውስጥ ካለው ሰው ነው፤ ደመወዙ በየወሩ ከተቆረጠው አስተማሪና ከመንግሥት ባንክ ካዝና። እነዚህን ቦሌ ወጥቶ በአበባ የተቀበላቸው የለም።

አበባው ለማን እንደሚሰጥ የ2014 ገና ያስረዳል። የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሃል አገር በተጠጋበት በዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ ቀረበ። አየር መንገዱ የቲኬት፣ ሆቴሎች የአልጋ ቅናሽ አደረጉ። ቦሌ በዘፈንና በባንዲራ ደመቀ። የመጡት ከቁጥሩ ብዙ ያነሱ ነበሩ፤ ከመጡትም ውስጥ በእውነት ለተፈናቀሉ ሰዎች ዱቄትና መድኃኒት ተሸክመው ደሴና ኮምቦልቻ የወጡ አሉ። በእነሱ ላይ ማላገጥ ነውር ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በ2012 ሰኔ ላይ፣ ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው እያመጡ ሐዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። እነሱም ከዓመት ዓመት ለወላጆቻቸው ገንዘብ ሲልኩ የኖሩ ናቸው፤ ወንድም አስተምረዋል፣ ጎጃምና ወሎ ላይ የቆርቆሮ ቤት አቁመዋል። ማንም ግን «ታላቁ ጉዞ ወደ አገር ቤት» ብሎ አልጠራቸውም፤ የቲኬት ቅናሽም አልታሰበላቸውም። ስብሰባ አይጠሩም፣ ማዕቀብ አያውጁም፣ ቦንድ ቢገዙም ፎቶ አይነሡም። ቢጫ ካርድም አያስፈልጋቸውም፤ ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ነው፣ አሠሪዋ ነች የምትይዘው።

በ2015 ዓ.ም. ክልሎች ለሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሥራ ወጣት ሴቶችን ለመመልመል ማስታወቂያ ለጠፉ። መንግሥት የበረራውን፣ የሥልጠናውንና የፓስፖርቱን ነገር ራሱ እንደሚያመቻች ተነገረ። በየወረዳው ምዝገባ ተከፈተ፤ ኃላፊዎችም ስንት ሴት እንደላኩ ሪፖርት ማቅረብ ጀመሩ።