ቀድመው ሰላም እንዳይሉ!

አዲስ ሹመት አግኝተው፣ መኪና ገዝተው ወይም ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥተው ከሆነ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ዓላማው ሰፈሩ ሁሉ እርስዎን ሲያይ ወሬውን እንዲያቋርጥ ማድረግ ነው። ለልምምድ እንዲሆነን ወደ አንድ የክርስትና ድግስ እንግባ። ከበሩ አጠገብ አንድ ወጣት ቄስ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሰማንያ የተጠጉ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ጥግ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ኃላፊ፣ በጓዳው በኩል ደግሞ ሴቶቹ ተቀምጠዋል።

አንደኛ፣ በሩ ላይ ዝም ብለው ይገተሩ። በደንቡ መጪው «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ ተቀማጩ ብድግ ይላል። ድምፁ ከመጪው፣ ጉልበቱ ከተቀማጩ ስለሚወጣ ማንም በነፃ አይከበርም። እርስዎ ድምፅዎን ይቆጥቡና ጉልበቱን ብቻ ይጠብቁ። ሰዎቹ «ኖር!» እያሉ ከተነሡልዎ ደግሞ «በእግዜር! አትነሡ» የምትለውን ነገር እንዳይተነፍሷት። ሽማግሌው ከወንበራቸው ገና ከፍ እንዳሉ መልሳ የምታስቀምጣቸው እሷ ናት። እርስዎ ካላሏት እኚያ አዛውንት ወገባቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ለመቆም ይገደዳሉ።

ሁለተኛ፣ ተራውን ይገልብጡ። የቤቱ ተራ መስቀል፣ ሽበት፣ ሹመት ነው። ቄሱ በዕድሜ ልጅዎ ቢሆኑም አስቀድሞ መስቀል መሳለም፣ ቀጥሎ ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደግፎ መጨበጥ፣ ኃላፊው ጋ መድረስ ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ ግን በሰው እግር ላይ እየተራመዱ በቀጥታ ወደ ጥጉ ይሩጡ። አለቃዎ ያደገ ሰው ከሆነ እጅዎን ይዞ በዓይኑ ወደ ሽማግሌው ይጠቁምዎታል። እንዳላዩ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ሴቶቹ ጋ ሲደርሱ ያለ የሌለ ኃይልዎን ተጠቅመው እጅዎን ይዘርጉ። ከጎረቤት የመጣች ሙስሊም እንግዳ ካለች በተለይ ይበርቱ። ሌላው ወንድ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልና እሷ እጇን ከዘረጋች ብቻ ይጨብጣል። የእርስዎ እጅ ግን ቤቱ ሁሉ እስኪያየው ድረስ አየር ላይ ይንጠልጠል። እንጀራ ስታቀርብ እጇ ወጥ የነካው ሴት አንጓዋን ብትዘረጋልዎም «እጅሽስ?» ብለው ይጠይቋት።

አራተኛ፣ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ማንም ቢገባ አይነሡ። ሹመት ያለው ሰው ለማን ይነሣል? እርግጥ እዚያው ጥግ ያሉት ኃላፊ ምስኪን አሮጊት በገቡ ቁጥር ሲነሡ ያያሉ። ይህ የእሳቸው ድክመት ነው። ደረጃቸው እንደማይወድቅ ስለሚያውቁ መነሣቱ ምንም አያጎድልባቸውም፤ ወንበሩን አጥብቆ መያዝ የሚያስፈልገው ደረጃው ላልተረጋጋ ሰው ነው።

አምስተኛ፣ ክብሩን ይውሰዱ፣ ሒሳቡን አይክፈሉ። ይህ በሴኔጋል ወሎፎች ዘንድ አይሳካም። ሥነ ሰብዕ አጥኚዋ ጁዲት ኧርቪን በ1974 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ እዚያ ቀድሞ ሰላም የሚል ሰው የዝቅተኛውን ቦታ ይይዛል፣ ተቀባዩ ደግሞ ከፍ ይላል። ከፍ ያለ ሰው ግን መለገስ አለበት። ስለዚህ ገንዘብ እንዳይጠየቅ የሚፈራ ባለክብር ሰው ተሽቀዳድሞ ሰላም ይልና ከፍታውን ከነዕዳው ለሌላው ያሸክመዋል! እኛ አገርም ሽማግሌው ቀድሞ ሰላም የሚባሉት በነፃ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ዋስ ይሆናሉ፣ ሌሊት ቢቀሰቀሱ ይወጣሉ። እርስዎ ግን ሰላምታውን ተቀብለው በርዎን ይዝጉ።

ምክሩ መሥራቱን በምን ያውቃሉ? በመጀመሪያ ሰላምታው ያጥራል። ልጆቹ፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው እየተባለ የሚወርደው ጥያቄ ቀርቶ «ሰላም ነው» ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ሰው ከሩቅ ሲያይዎ መንገድ ይቀይራል። በመጨረሻ እርስዎ በሌሉበት «የእግዜር ሰላምታ እንኳ ይነሳል» ይባላል። እዚህ ሲደርሱ ለሽምግልና የሚጠራዎ፣ ክርስትና አንሡልኝ የሚልዎ አይኖርም። እንኳን ደስ ያለዎት!

አንድ አደጋ ብቻ አለ። ጎረቤቶች ደጅ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሲያልፉ፣ አፍዎን አዳልጦት «እንደምን ዋላችሁ» እንዳይሉ። ሁሉም ብድግ ይሉልዎታል፣ የስንት ጊዜ ልፋትዎም በአንድ ቃል ገደል ይገባል።