በ2018 የተቃጠለው ሰርተፊኬት

ገርጂ ያለው መሥሪያ ቤታችን የአንድ የውጭ ድርጅትን መጋዘን ሊያስተዳድር ውል ሊፈርም ትንሽ ሲቀረው ከናይሮቢ ኢሜይል መጣ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠለጠኑ ያላችኋቸው ሁለት ሰዎች ሰርተፊኬታቸው ከተቃጠለ ቆይቷል፤ አዲስ ላኩልን ይላል። ሁለቱ ሰዎች እኔና የማታ ጥበቃው ጋሼ ነን። ጋሼ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብሶ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ቀኑ ግን 03/09/2016 ይላል። ያተመልን ማሠልጠኛ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 2016 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 11 ቀን 2024። ኢሜይሉን ከናይሮቢ የጻፈችው ሴት ሴፕቴምበር 3 ቀን 2016 ብላ አነበበችው። ሁለት ዓመት ስትጨምርበት 2018 ላይ አለቀ። እርሷ ምን ታድርግ? «ዓ.ም.» የምትል ምልክት እንኳ የለበትም። ማብቂያ ቀንም አልተጻፈበትም፤ ይሄ የብዙ አገር ቤት ሰርተፊኬት ችግር ነው። ሥልጠናውን መጨረስህን ይመሰክርልህና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ዝም ይላል።

አለቃችን መፍትሔ ለማምጣት አልዘገዩም። መገናኛ አካባቢ የሚያውቁት ልጅ በኢንተርኔት ጥያቄ መልሶ ማታውኑ ሰርተፊኬት እንደሚያወጣ ነገራቸው። ገብቼ አየሁት፤ ምርጫ ጥያቄ ነው፣ ከወደቅህ መልሰህ ትሞክራለህ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረት የሚነካ ሰው የለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በኢንተርኔት የሚማሩት ክፍል አለው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። በአሠልጣኝ ፊት በእጅህ ሠርተህ ካላሳየህ ካርዱን አታገኝም። ካርዱ መለያ ኮድ ስላለው፣ ናይሮቢ የተቀመጠ ሰው እውነተኛነቱን ወዲያው ያጣራል። የሚያገለግለውም ሁለት ዓመት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

«ታዲያ ያንን ቢኤልኤስ የሚሉትን ውሰዱ» አሉ አለቃ። ቢኤልኤስ በዋናነት ለነርስና ለሐኪም የተዘጋጀ ነው። ለመጋዘን ሠራተኛ የሚበቃው ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር ሥልጠና ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገለጥኩ። አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሰርተፊኬቱ የማን ይሁን፣ ስንት ዓመት ያገልግል የሚለውን አይዘረዝርም። ያንን የሚወስነው ውል ሰጪው ነው። ስለዚህ ሴትዮዋን ራሷን ጠየቅኋት። የምትፈልገው አጭር ሆኖ ተገኘ፦ በእጅ የተሠራ ልምምድ ያለበት፣ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ሰጪው ደውለን ብንጠይቀው ከመዝገቡ የሚያረጋግጥልን ይሁን። የአሜሪካ መሆን አለበት አላለችም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ መስቀልም፣ በ8035 የሚጠራው ጠብታ አምቡላንስም የመጀመሪያ ዕርዳታ ያሠለጥናሉ፤ የግድ ዱባይ አያስኬድም።

እኛም በማሠልጠኛችን መዝገብ ላይ አለን። ደብዳቤ ይጻፉልን ብለን ሄድን፤ እግረ መንገዳችንን ጋሼ ልምምዱን ይድገም ተባለ። አሻንጉሊቱ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ ካፖርቱን አውልቆ ተንበረከከ፣ እጆቹን የአሻንጉሊቱ ደረት መሐል ላይ ደራርቦ ክርኑን ሳያጥፍ ጀመረ። ደረቱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። አሻንጉሊቱ በቂ ሲወርድ ቀጭ ይላል። እስከ አሥር ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ሲል ፍጥነቱ ወደቀ፤ «ሃያ ሰባት» ላይ ሲደርስ እጁ አፉን ይጠብቅ ጀመር። አንድ ግፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው፣ ሃያ ሰባት በግማሽ ሰከንድ አይባልም። አሠልጣኟ «ጋሼ፣ እስከ አሥር ሦስቴ ይቁጠሩ» አለችው፤ ሠላሳው ሞላ፣ ሁለት ትንፋሽ ሰጠ። ሌላም አየችበት፦ ሲደክመው ደረቱ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ደረቱ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ልብ ደም በደንብ አይሞላባትም፤ የሚቀጥለው ግፊት ጥቅሙ ይቀንሳል። በየሁለት ደቂቃው ሰው ቀይሩ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ገፊው ራሱ መድከሙን ሳያውቀው ጥልቀቱ ይቀንሳል።

ቀኑ በትክክል ከተነበበ ወረቀቱ ገና አላለቀም፤ የጋሼ እጅ ግን ቀድሞት ሄዷል። ይሄ የእርሱ ዕድሜ ጉዳይ አይደለም፣ ካልተለማመዱት በወራት ውስጥ የሚጠፋ ሙያ ነው። እንግሊዝ አገር የሥራ ቦታ ሰርተፊኬት ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን በየዓመቱ ማስታወሻ ልምምድ ይደረግ ብሎ አጥብቆ ይመክራል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጋሼ ጠየቀኝ፦ «ይሄ ነገር ሲቃጠል ሰው ቢወድቅ ዝም ብዬ ላየው ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ለመርዳት ማን ወረቀት ይጠይቅሃል? ወረቀቱ ለውሉ ነው» አልኩት።

ደብዳቤው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጽፎ፣ ማብቂያውን ሜይ 2026 ብሎ ሄደ። ከናይሮቢ በማግሥቱ መልስ መጣ፤ ተቀብለናል፣ ውሉ ግን እስከ ኦገስት 2026 ስለሚቆይ ከሜይ በፊት የታደሰ ትልካላችሁ ይላል። አለቃችን አንብበው ሲጨርሱ የመገናኛውን ልጅ ስልክ ይፈልጉ ጀመር።