የፎቶ መግለጫ አበላሽቶ ለመጻፍ

በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተነሣ ፎቶ ተሰጠህ እንበል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ አንዱ ባዶ እግሩን ነው፤ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ተለጥፏል። ከሥሩ ምን ትጽፋለህ?

መጀመሪያ የሰውየውን ልብ አንብብ። «ጀግናው አበበ ቢቂላ የአገሩን ክብር እያሰበ በወኔ ሲገሰግስ» በል። ሲሮጥ ምን ያስብ እንደነበር ማን ነገረህ? ማንም። ቢሆንም ጻፈው። «ጀግናው» ብቻውን እንዳይበርደው «አይበገሬው»ን ደርብለት፤ «ብርቅዬው»ም ካለህ አትሰስት። ቦታው ሲጠብህ «ማራቶን» የምትለዋን ቃል አውጣት። ምን ውድድር እንደነበር አንባቢው ይገምት፤ አንተ ግን ማድነቅህን አታቋርጥ።

ስለ ጎረቤቱ ሯጭ አትጨነቅ፤ «ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር» ይበቃዋል። ስም እኮ አለው! ራዲ ቤን አብደሰላም ይባላል፤ ሞሮኳዊ ነው፤ በዚያ ምሽት ሁለተኛ የወጣው እሱ ነው። አንድ ስልክ ደውሎ፣ አንድ መዝገብ ገልጦ የሰው ስም ማጣራት ይህን ያህል ይከብዳል? ደግሞ የደረት ቁጥር ብቻ አይተህ አትቸኩል። ራዲ ለማራቶኑ የተመደበለት 26 ነበር፤ የሮጠው ግን 185 ለጥፎ ነው። አበበ ራሱ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ ሰውየው አጠገቡ ነበር። ፊትን ከሌላ ፎቶ ጋር ማስተያየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እሺ፣ ወደ ምክራችን። ቦታውን «አውሮፓ» ብለህ እለፈው።

ቀኑ ላይ ግን በደንብ ሥራ። የውጭው መዝገብ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ይላል። ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብለህ ገልብጥና «መስከረም 10 ቀን 1960» ብለህ አትም፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አትጻፍ። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ውድድሩን ሰባት ዓመት ያዘገየዋል። ትክክለኛው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ይህን ለማወቅ ግን የቀን መቁጠሪያ መግለጥ ያስፈልጋል፤ ማን ይደክማል! «ሰሞኑን» ብለህ ብትጽፍስ? እሱም ያው ነው፤ ፎቶው ከዓመታት በኋላ ከመዝገብ ሲወጣ የትኛው ሰሞን እንደሆነ የሚነግር አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ግን በፍጹም እንዳትጽፍ፦

«አበበ ቢቂላ (11 ቁጥር) እና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም (185 ቁጥር) በኦሎምፒክ ማራቶን ጎን ለጎን ሲሮጡ፤ ሮም፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.።»

ይህን ያነበበ ሰው ባዶውን እግር ራሱ አይቶ፣ «ጀግና!» የሚለውን ራሱ ይለዋል። ለአንተ የሚተርፍ ቅጽል አይኖርም።