ቡፌ ላይ የተሰየመው ሳይንስ

ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ያለበት ቤት ስትገቡ እስቲ ቡፌውን አየት አድርጉ። ከእንግዳ በቀር ለማንም ከማይወጡት ብርጭቆዎች አጠገብ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ የሳይንስ መጫወቻ ሳጥን ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተሰይሟል። አክስት ናት ያመጣችው። «እንዳታበላሸው» ተብሎ ለልጁ ተሰጠው፤ እንዳያበላሸውም ተብሎ ወዲያው ተወሰደበት።

ጓዳ ውስጥ ደግሞ ከሳጥኑ የማያንስ ሳይንስ በጠርሙስ ሆኖ ማንም ሳያየው ይኖራል። እርድ ነው። አልጫ የፈሰሰበትን ነጭ ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ቢጫው ነጠብጣብ ሳሙና ሲነካው ደም መስሎ ይቀላል። አጣቢዋ ደንግጣ ሳሙናውን ትረግማለች፤ ባለቤቱም «ቀለሙን አበላሸሽው» ብሎ ይቆጣል። ለቅለቅ ሲደረግ ግን ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እርዱን ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን የተባለ ቀለም ነው። ሎሚን በመሰለ አሲድም ሆነ በተራ ውሃ ቢጫነቱን አይለቅም፤ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ሲነካው ግን ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የልብስ ሳሙና ደግሞ ቤዝ ነው።

ልጁ ይህን በገበታው ላይ ለማየት አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይበጠብጥ፤ ነጭ ወረቀት በጥጥ ይቀባ፤ ከዚያም ጥላ ሥር ያድርቀው። ፀሐይ ላይ እንዳይሆን፣ ኩርኩሚንን ፀሐይ ታደበዝዘዋለችና። ወረቀቱ ሲደርቅ የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ይደርድር፤ በአንዱ ተራ ውሃ፣ በሌላው ሎሚ፣ በሌላው ቁንጥር ዱቄት ሳሙና የሟሟበት ውሃ። በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር ከሳሙናው ነክሮ ስሙን ቢጽፍ ፊደሉ ቀልቶ ይወጣል፤ ሎሚ ሲያስነካው ደግሞ ይጠፋል። ተራው ውሃ ምንም አያደርግም። ልጁ «ታዲያ ለምን አስቀመጥነው?» ካለ ጥሩ ጠየቀ፤ ቀለሙን የለወጠው እርጥበት እንዳልሆነ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነው።

እስከዚህ ሰላም ነው። ችግሩ የሚመጣው አባት ሲመጣ ነው። የአንድ ጎረቤቴን ልንገራችሁ። ስንጥሩን ከልጁ እጅ ተቀብሎ፣ ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቶ፣ «አሁን በሶዳ እናሳያለን» አለ። ቁንጥር ዱቄት በውሃ በጠበጠና ቀባ። ወረቀቱ ቢጫ። ደገመ፤ ቢጫ። ሦስተኛው ላይ ፍርድ ሰጠ፤ «እርዱ ፎርጅድ ነው፣ ነጋዴ ሌባ!» በሳሙናው ስሙን አቅልቶ የጨረሰው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ያያል። እርዱ ሌባ ቢሆን ለሳሙናውም አይቀላም ነበር።

ያ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደር ነበር። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳው ላይ የደረቀ አሲድ የተጨመረበት ነው። ውሃ ሲያገኝ ሁለቱ ይጣሉና አረፋ አውጥተው ይጠፋፋሉ፤ እርዱን የሚያቀላ ቤዝ እምብዛም አይተርፍም። ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ቢሆን ወረቀቱ ትንሽ ይቀላ ነበር፤ ደካማ ቤዝ ስለሆነ ግን እንደ ልብስ ሳሙናው አይደምቅም። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙናም ብዙ ጊዜ ለእጅ እንዲስማማ ተለዝቦ ስለሚሠራ ወረቀቱን ቢጫ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ይህ ሁሉ ለልጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ «የቱ ያቀላል፣ የቱ አያቀላም?» ብሎ አስቀድሞ እየገመተና እየጻፈ። አባት ግን ቪዲዮውን አጥፍቶ ወደ ኳሱ ሄደ።

ልጁን ከእርድ «እጅህ ይቆሽሻል» ብለን የምንከለክል ሰዎች፣ በረኪና የሞላ ጠርሙስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እንተዋለን። መከልከል ያለበት እሱ ነበር። በረኪና ወደዚህ ገበታ ከነጭራሹ አይቅረብ፤ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ዱቄት ሳሙናውም ከቁንጥር አይለፍ፤ ልጁ ዓይኑን እንዳያሽበት፣ ሲጨርስም እጁን እንዲታጠብ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ክዳኖቹም ይጣሉ እንጂ ወደ ጠርሙሳቸው አይመለሱ።

አባቶች ሆይ፣ ስንጥሩን ለልጁ ተዉለት። የእናንተ ሥራ የሶዳውን ማሸጊያ ማንበብ ነው።