ደግሞ መጣ ሻጋታው

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ መጽሐፍ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ አንዱን ይመዝና ገልጦ ያሸታል። ያ የለመድነው የምድር ቤት ጠረን አፍንጫውን ካገኘው በቃ፣ የክረምቱ ጣጣ ተጀመረ ማለት ነው። ልብስ ቢሻግት ይታጠባል፣ ጫማ ቢሻግት ይጠረጋል። መጽሐፍ አይታጠብ ነገር! ምክር ግን ሞልቷል። መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ጎረቤት እንኳ መጽሐፍ ማዳን ያውቅበታል።

የመጀመሪያው ምክር ሁልጊዜ ፀሐይ ነው። «አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ፀሐይ ሲወጣ ግቢ አውጥተህ አታሰጣቸውም?» ይሉኛል የጎረቤቴ እናት። «እትዬ፣ በርበሬ እኮ አይደለም» እላለሁ፤ አይሰሙኝም። የእኛ አገር አብዛኛው መጽሐፍ የሚታተመው በርካሽ ወረቀት ነው። እንጨቱ ተፈጭቶ ሲዘጋጅ ውስጡ የሚቀረው ነገር ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ እየዋለ እያደረም ይሰባበራል። ጋዜጣ መስኮት ላይ ጥለው ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ያዩታል። የቢጫነቱ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይነጣም፤ የዛሬው ብርሃን በትናንቱ ላይ እየተደመረ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ በእርጥበት ያበጠ መጽሐፍ በድንገት ፀሐይ ሲመታው አንዱ ወገን ቀድሞ ስለሚደርቅ ሽፋኑ ይጣመማል፣ የጀርባው ሙጫ ይሰነጠቅና ገጹ መርገፍ ይጀምራል። ሻጋታ የያዘው መጽሐፍ የሚፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። ሻጋታው ሲነኩት የሚለቀለቅና የሚያዳልጥ ከሆነ ገና ሕያው ነው፤ ቢጠርጉት ወረቀቱ ውስጥ ይበልጥ ይሰርጋል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ገለጥ አድርጎ ማድረቅ፣ ዱቄት ሲሆን ደግሞ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው።

ሁለተኛው ምክር ላስቲክ ነው። «በፌስታል ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ ክተተው» ይባላል፤ ካርቶኑም አልጋ ስር ይገባል። በበጋ ደርቆ የታሸገ መጽሐፍ ከሆነ እሺ። በሐምሌ እርጥበቱን እንደያዘ የታሸገ ከሆነ ግን ያን እርጥበት አብረን አሰርነው ማለት ነው። ሌሊት ሲበርድ ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል፤ መስከረም ላይ ሲፈታ መጽሐፉ ጸጉር አብቅሎ ይገኛል።

ዋናውን ጥፋተኛ ማንም አይጠራውም፤ ግድግዳውን ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን መደርደሪያችንን ከብሎኬት ግድግዳ ጋር እናጣብቀዋለን፣ ክፍሉ ጠባብ ነዋ። ያ ግድግዳ ከውጭ ሲዘንብበት ያድርና ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ነገር አጠገብ ያለ አየር ደግሞ ያው የያዘው ውኃ ይበዛበታል። ይህን ለማየት የተራቀቀ ነገር አያስፈልግም፤ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ክፍሉ መሃል ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ከመቶ 62 አሳየኝ፤ ደህና ነው ያስብላል። ያንኑ መሣሪያ ከታችኛው ረድፍ መጻሕፍት ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ ሸጉጬው ባደረ ጊዜ ግን 76 ሆኖ ተገኘ። ሻጋታ ከመቶ 65 በላይ ለቀናት ከዘለቀለት ሌላ ግብዣ አይፈልግም። ስለዚህ ክፍሉ ደህና፣ መጽሐፉ በሽተኛ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ማራቅ፣ የታችኛውን ረድፍ ከወለሉ ከፍ ማድረግ፣ መጻሕፍቱንም ጣት እስኪገባ ላላ አድርጎ መደርደር፤ አሰልቺ ነው፣ ቦታ ይፈጃል፣ ግን ከጀርባ አየር እንዲያልፍ ያደረገው እሱ ብቻ ነው። መስኮትም ቢሆን በክረምት እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው የሚከፈተው። ማታ «ንጹሕ አየር ይግባ» ብሎ መክፈት የሐይቁን እርጥበት ጠርቶ ማስገባት ነው።

አከራይ ደግሞ አለ። የግድግዳው ቀለም ፊኛ ሆኖ ሲላጥ፣ ነጭ ጨው መሰል ዱቄትም ሲወጣበት ይጠሩታል፤ መጥቶ ያያል፤ «ቀለም እናስቀባዋለን» ይላል። ቀለሙ ይቀባል፣ በቀጣዩ ክረምት ፊኛው ይመለሳል። እርጥበቱ ከወለል ተነሥቶ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከሆነ ከመሬት እየተሳበ ነው። ላይ፣ ጣሪያው ሥር ነጠብጣብ ከሠራ ደግሞ አሸንዳው ተደፍኗል ወይም ቆርቆሮው ያፈሳል። ሁለቱም ቢሆኑ የቀለም ጉዳይ አይደሉም። ይህን ለአከራይ ማስረዳት ግን ኪራይ መጨመሪያ ሰበብ ማቀበል ስለሆነ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ነፍሳቱን እርጥበቱ ነው የሚጠራቸው። ክንፍ የሌላት፣ ብርማ ቀለም ያላት፣ ገጹ ሲገለጥ ሾልካ የምትጠፋዋ ተባይ የሽፋኑን ሙጫና ስታርች ትልጣለች። የምትኖረው ደግሞ እርጥብ ቦታ ነው፤ መጽሐፍ በጋዜጣ መለበድም ለእሷ መኝታ ማንጠፍ ነው። ምስጥ ሌላ ነው። ከመሬት በጭቃ የተሠራ ቀጭን መንገድ ይዞ በግድግዳው ይወጣል፤ መደርደሪያው ከግድግዳ ሲርቅ ይህን መንገድ ባትሪ ይዞ ማየት ይቻላል። መንገዱን በጥፍር ሰበር አድርገው ቢተዉት፣ በማግስቱ ተጠግኖ ካገኙት ውስጡ ሰው አለበት፤ ያኔ ነገሩ የመጽሐፍ ሳይሆን የቤት ነው። ሽፋኑ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ፣ ሥሩም ልም ዱቄት ካለ ግን ጥንዚዛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከአሮጌ መጽሐፍ ጋር ተገዝቶ የሚገባ ነው። ለዚህኛው ፍሪዘር ይሠራል፤ በላስቲክ አየሩን አስወጥቶ አሽጎ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት። ሲወጣም እንደታሸገ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል፣ አለዚያ ቅዝቃዜው አየሩን አልቦት መጽሐፉን ያረጥበዋል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እዚህ ግን መብራት ይሄዳል፣ መጽሐፉ ሥጋው አጠገብ ይቀልጣል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፣ ሁለት ሳምንቱም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ናፍታሊን የሚሉትንም አውቃለሁ። ጠረኑ ከመጽሐፉ አይለቅም፣ ሻጋታን አይነካውም፣ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ መርዝ ነው።

አንዳንዴ ከሐይቁ ማዶ ባሉት ገዳማት እቀናለሁ። ብራናው በእንጨት ገበታ ታቅፎ፣ ቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ በጠፍር ከግድግዳ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ከወለሉ ራቀ፣ ምስጥና አይጥ በቀላሉ አይደርሱበትም፣ ዙሪያውን አየር ያገኛል። የእኛን የሦስት መቶ ገጽ ልቦለድ ግን በጠፍር ብንሰቅለው ጀርባው ነው የሚገነጠለው።

ይህ ሁሉ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲጸዳ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አቧራ የሚነሣው መጽሐፉን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ፣ በደረቅ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ፊት በመጥረግ ነው። ቤተሰቡ ግን በባልዲ ውኃና በጨርቅ ይመጣል። መደርደሪያው ይወለወላል፣ ያበራል፤ ሳይደርቅም መጻሕፍቱ ተመልሰው ይደረደሩበታል። «እንዴት አማረ!» ይባላል። እውነትም አምሯል፤ ከበዓሉ በኋላ ሁሉንም አውርጄ እስካደርቀው ድረስ።