የሃያ አምስት ዶላር ካልሲ

ለእግር መንገድ ገንዘብ የሚከፈልበት ዘመን ላይ ደረስን። እግር በነጻ የተሰጠን ነው፣ ተራራውም በር የለውም። የልጅ ልጆቼና ጓደኞቻቸው ግን ቅዳሜ ማለዳ ዳገት ለመውጣት ዐርብ ማታ ሳሎኔ ውስጥ የሚዘረግፉት ዕቃ ሙሽራ ይድራል። በትሩን ችዬ አልፌው ነበር። በቱቦ የሚጠጣውን ውኃ፣ ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት፣ ሁሉንም ችያለሁ። ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ የካልሲው ክርክር ነው።

ትልቁ የልጅ ልጄ የሜሪኖ ሱፍ ካልሆነ እግሩን ከቤት አያወጣም። አሜሪካ ያለች አክስቱ ናት የምትልክለት፤ አንዱ ጥንድ ሃያ አምስት ዶላር ገደማ ነው። ወደ ብር ልመነዝረው ጀመርኩና ለጤናዬ ብዬ ተውኩት። ጓደኛው ደግሞ የፖሊስተር ሰው ነው፦ ይቀላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ርካሽ ነው ይላል። እኩለ ሌሊት እስኪደርስ ይከራከራሉ። በመሬት ቀያሽነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ አገሩን በእግሬ የለካሁ ሰው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድም የጠየቀኝ የለም። «ፋዘር፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልን፣ ካልሲው ላይ ቆመዋል» ነው የተባልኩት።

እንግዲህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

እነዚህ ልጆች እግር ውኃ የሚቋጥረው ካልሲው ቆዳውን ስለሚፈገፍገው ይመስላቸዋል። ፍግፈጋ ቆዳ ይልጣል፤ ውኃ መቋጠር ሌላ ነው። ላብ ያረሰው ቆዳ ካልሲው ላይ ይጣበቃል፣ ካልሲው ደግሞ ጫማው ላይ። አጥንቱ ግን ዝም አይልም፤ በየእርምጃው ከውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። መሀል ላይ የቀረው ቆዳ በየእርምጃው ይጎተታል። ሺህ ጊዜ ሲጎተት ከላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ በንብርብሮቹ መካከል ይለያያል፤ ክፍተቱንም ውኃ ይሞላዋል። ላዩ ደኅና ሆኖ ከሥሩ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ የሚበዛውም ቆዳው እዚያ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ስስ ቢሆን ተልጦ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ካልሲ ሁለት ሥራ አለበት። ቆዳውን ከእርጥበት ማራቅ አንዱ ነው፣ እርጥብ ቆዳ ከደረቅ ይልቅ ይይዛልና። ሌላው መንሸራተቱ ቆዳው ላይ ሳይሆን ከቆዳው ውጭ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ይህን ስናገር አንዱ የግድ አበበ ቢቂላን ይጠራብኛል። አዎ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ የተገኘው ጫማ አልመች ስላለው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማሸነፉን ግን ማንም አያነሳብኝም።

ወደ ሱፉ ልመለስ። ሱፍን እኔ አልንቅም፤ የምንቀው ሱፍን ትናንት ያገኙት የሚመስላቸውን ነው። ባና ለብሶ ያደገ ሰው ሱፍ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ እያከከ ያውቃል። የሚያሳክከው ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ከ30 ማይክሮን፣ ማለትም ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ የበግ ፀጉር ጫፉ አይታጠፍም፣ ቆዳ ይወጋል። የሜሪኖ በግ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ስለሆነ ቆዳ ሲነካው ይተኛል። ልዩነቱ ይኸው ነው እንጂ የአውስትራሊያ በግ ከእኛ በግ በጠባይ አይበልጥም።

ሱፍ ሌላም ምስጢር አለው። ከክብደቱ ሢሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት በእንፋሎትነቱ ውጦ ሲዳሰስ ገና ደረቅ ይመስላል። ፖሊስተር ከመቶ አንድ እንኳ አይጠጣም። ይህን የሰማ የልጅ ልጄ «ይኸው አሸነፍኩ!» ብሎ ተነሣ። ተቀመጥ አልኩት። ሱፍ የጠጣውን በቶሎ አይተፋም። ወንዝ ከተሻገርክበት ወይም ቀኑን ሙሉ ዝናብ ከመታህ ማታ ድንኳን ውስጥ ብትሰቅለው ጠዋት እርጥብ ነው። ፖሊስተር ጨምቀህ ብትሰቅለው አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ያድርልሃል። ፖሊስተር ላቡን ስለማይጠጣ በክሩ ላይ አሳልፎ ወደ ውጭ ይሰደዋል፤ ያውም መውጫ ካለ ነው። ወንፊት ባለው ቀላል ጫማ ውስጥ ጥሩ ይሠራል። አየር በማያስወጣ የፕላስቲክ ቦቲ ውስጥ ግን ላቡ የትም አይሄድም፣ እዚያው ጣቶችህ መሀል ያድራል። ጥጡን ለክርክርም አላቀርበውም፤ ይጠጣል፣ ይዞ ይቀመጣል፣ ቅርጹን አጥቶ ይጨማደዳል፣ ጭምድዱ ደግሞ እግር ይበላል።

ሽታውን ካነሳን ፖሊስተር የሰውነት ቅባት አጥብቆ ይይዛል፣ ታጥቦም አይለቅም። ሱፍ በዚህ በኩል ጨዋ ነው።

ታዲያ ሱፍ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ልጆቹ ሌሊቱን የተከራከሩበትን ነገር እኔ መነጽሬን አድርጌ ካርቶኑ ላይ አነበብኩት። የሃያ አምስት ዶላሩ «ሜሪኖ» ስድሳ ምናምን በመቶው ሱፍ ነው፤ የቀረው ናይለን፣ ጥቂት ደግሞ ላስቲክ። አምራቹ አላጭበረበረም። ሱፍ ብቻውን ቢሆን ተረከዙ ቶሎ ይበሳል፣ ላስቲክ ባይኖረው ተንሸራቶ ጫማ ውስጥ ይጠቀለላል። እንግዲህ ጓደኛሞቹ የሚጣሉት ሢሶው ሰው ሠራሽ በሆነ ካልሲ ነው።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ይህን አይተውታል። ኸሪንግና ሪቺ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ጥጥንና አክሪሊክን በረጅም ርቀት ሯጮች እግር ላይ አነጻጸሩ። ወፍራም ሶል ባለው ካልሲ አክሪሊኩ በግልጽ በለጠ፤ ውኃ የቋጠረውም አነሰ፣ ያበጠውም ትንሽ ሆነ። በ1993 ተራ አሠራር ባለው ካልሲ ሲደግሙት ልዩነቱ ጠፋ። ከክሩ ይልቅ አሠራሩ ይበልጣል ማለት ነው። እኔን ያስደሰተኝ ግን በ1996 የታተመው የአሜሪካ ማሪን ምልምሎች ጉዳይ ነው። ከወፍራሙ የወታደር ካልሲ ሥር ስስ የፖሊስተር ካልሲ የደረቡት፣ ውኃ መቋጠሩ በጠቅላላው ባይቀንስላቸውም ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ክፉው ዓይነት ከግማሽ በላይ ቀነሰላቸው። ሁለት ካልሲ ሲደረብ መንሸራተቱ በሁለቱ መሀል ይሆናል፤ ቆዳው ከመጎተት ይድናል። እኛ ቀያሾች ይህን ያለ ጥናት እናደርገው ነበር፦ ከሥር ስስ ናይለን፣ ከላይ የሱፍ። ያን ጊዜ «ሽማግሌ ብርድ ፈርቶ» ይሉን ነበር።

እንግዲህ የዝቋላውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚሁ ልጆች ለመጋቢት አቦ በእግር ሲወጡ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ዝቋላ 3000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተራራ ነው፤ በመጋቢት ደግሞ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። የፖሊስተሩ ልጅ ካልሲው ቀጭን፣ ጫማው የታሸገ ነበር። ግማሽ ዳገት ላይ «ተረከዜን እያቃጠለኝ ነው» አለ። ቁም፣ ጫማህን አውልቅ አልኩት። ውኃ ከመቋጠሩ በፊት የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቆሞ እግሩን አድርቆ፣ ካልሲ ለውጦ፣ የሚያቃጥለው ላይ ሳይጨማደድ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ይድናል። እሱ ግን ጓደኞቹ ያለ እሱ ፎቶ እንዳይነሱ ሮጠ። አናቱ ላይ ሲደርስ ተረከዙ አብጦ ነበር።

የሜሪኖው የልጅ ልጄ ሳቀበት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲገባ ግን ጫማውን አውልቆ በካልሲው ብቻ ሄደ። ሱፍ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፦ አሸዋ፣ ገለባ፣ የሣር እሾህ። ካልሲህን ከጫማህ ጋር አውልቅ፣ ወይም ስትወጣ ገልብጠህ አራግፈው ብዬው ነበር፤ «አባባ፣ ይሄ እኮ ሜሪኖ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንዳለ ተጫማ። በዚያ ላይ አክስቱ ቁጥሩን አስፍታ ነው የላከችለት፤ ትርፉ ጣቶቹ ጋ ተጣጥፎ ነበር። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ከመውረድ በፊት የጫማ ገመድ ቁርጭምጭሚት ጋ ጠበቅ ይደረጋል፣ የጣት ጥፍርም ከቤት ሲወጡ ተቆርጦ ይመጣል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። ታች ስንደርስ ሁለት ጣቶቹ ውኃ ቋጥረው ነበር። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ እያነከሱ መኪና ውስጥ ገቡና ክርክሩን ከቆመበት ቀጠሉ። የፖሊስተሩ ልጅ ጫማውን ሲያወልቅ ሹፌሩ መስኮት ከፈተ።

የእኔ እግር ምንም አልሆነም፤ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ። አብሮን የወጣ አንድ የዕድሜ እኩያዬ ግን ስኳር አለበት፤ እሱን እግርህን በየማረፊያው እያወለቅህ እይ ብዬ አስቸገርኩት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሕመሙን ላይነግረው ይችላል፤ ለእሱ ትንሿም ቁስል ቀልድ አይደለችም።

ቤት ስንደርስ ሌላ ጉድ መጣ። የልጅ ልጄ የሜሪኖውን ነጭ ካልሲ አቧራ ሊያስለቅቅ ተነሣ። ሱፍ ለብ ባለ ውኃ ሳይታሽ ይታጠባል፤ በሙቅ ከታሸ የፀጉሩ ቅርፊት እርስ በርሱ ይያያዝና ካልሲው ይኮማተራል። እሱ ግን ነጭ ነው ብሎ ባልተበረዘ በረኪና ዘፍዝፎት አደረ። በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል፤ ናይለኑን ግን እንደዚያ በቶሎ አይበላውም። ጠዋት ከባልዲው ሲያወጣው ሱፉ ሄዷል፤ የቀረው የናይለን መረብና ላስቲኩ ነው። መረቡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ስምንት ዶላር ያህሉ ነው አልኩት።